ሦስት ሰው የሠራውን ስላይድ እንደ አንድ ሰው ሥራ ማዋሃድ፦ ደረጃ በደረጃ

«ሁላችሁም የየድርሻችሁን ላኩለት፣ እሱ አንድ ያደርገዋል።» ስብሰባ ሊበተን ሲል ይህቺ ትባላለች። «እሱ» የተባለው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሦስቱን ፋይሎች ሲከፍት ነው ጉዱን የሚያየው። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። አንዱ «ሠርተናል» ይላል፣ ሌላው «ተሠርቷል»። ይባስ ብሎ ስለ አንድ ጉዳይ ሦስት የተለያየ ቁጥር ተጽፏል።

እኔ ይህን ሥራ ደጋግሜ ስለሠራሁ፣ ሪፖርት በደረሰ ቁጥር ስልኬ ይጠራል። «ሦስት ፋይል ደርሶኛል፣ ከነገ ወዲያ ይቀርባል፣ ከየት ልጀምር?» መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

ለምሳሌ የምወስደው አንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት የ2017 በጀት ዓመት የዘጠኝ ወር አፈጻጸሙን ለማኔጅመንት ያቀረበበትን ነው። የመስክ ኢንጂነሩ 22 ስላይድ ላከ፣ የፋይናንስ ባለሙያዋ 17፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያው ደግሞ 14። በድምሩ 53። የተሰጠን ጊዜ 20 ደቂቃ ነበር። ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ ችግሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሦስቱ ፋይሎች በፓወር ፖይንት መልክ። ፒዲኤፍ ከላኩላችሁ ዋናውን ጠይቁ፤ ከፒዲኤፍ ላይ መልቀም ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል።
- የመሥሪያ ቤቱ ቴምፕሌት። ከሌለ ከሦስቱ ዲዛይን ንጹሑን ምረጡ።
- ፕሪንተር፣ መቀስ፣ እስክሪብቶና ሰፊ ጠረጴዛ።
- የሦስቱ ባልደረቦች ስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም ደውላችሁ የምታገኙበት ሰዓት።
- ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት። ግማሹ ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

1. መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ፋይሎቹን ከመክፈታችሁ በፊት ለኃላፊው ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። የሚሰማው ማነው? ሰምቶ ሲጨርስስ ምን እንዲወስን ነው የምንፈልገው? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩት።

በእኛ ጉዳይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ «ቀሪዎቹ ሦስት ጉድጓዶች እስከ ሰኔ 30 እንዲያልቁ የቁፋሮ ኮንትራክተሩ ውል በሁለት ወር ይራዘም።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ወንፊታችሁ ነው። በኋላ «ይህን ስላይድ ልያዝ ወይስ ልጣል?» ብላችሁ ስትቸገሩ መልሱን የሚሰጣችሁ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሁሉም ስላይድ አስፈላጊ ይመስላል። ባለቤቱ ደክሞበታላ፣ እንዴት ይጣላል? እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው 53ቱም የሚገቡት።

2. ፋይሎቹን አስቁሙ

ሦስቱንም ፋይል ኮፒ አድርጉና «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብላችሁ ሰይሙ። ዋናዎቹን አትንኩ። ከዚያ ለሦስቱም አንድ መልእክት ላኩ፦ «ከአሁን ጀምሮ አዲስ ፋይል አትላኩልኝ። የሚቀየር ነገር ካለ የስላይዱን ቁጥርና አዲሱን ቃል ብቻ ጻፉልኝ።»

ይህን ካላላችሁ ማታ 4 ሰዓት ላይ «የተስተካከለው የመጨረሻው» የሚል ፋይል በቴሌግራም ይገባል። ምኑ እንደተቀየረ ለማወቅ 22 ስላይድ እንደገና ማየት ሊኖርባችሁ ነው።

3. እያንዳንዱን ስላይድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉሙ

ሦስቱንም ፋይል አትሙ። በ Print ውስጥ Handouts ሥር 6 Slides የሚለውን ምረጡ፤ በአንድ ገጽ ስድስት ይወጣል፣ 53ቱ ስላይድ ከአሥር ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ከማተማችሁ በፊት የፋይሉ ፊደልና የስላይዱ ቁጥር ወረቀቱ ላይ እንዲታይ አድርጉ፤ ካልሆነም በእጅ ጻፉበት። «ሀ6»፣ «ለ11» እያላችሁ። አሁን በመቀስ ቆራርጧቸው።

ከዚያ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ስላይዱ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ርዕሱን አትገልብጡ። ርዕስ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። «ሀ6» ርዕሱ «የሥራ አፈጻጸም» ነበር። ጀርባው ላይ የጻፍኩት «21 የውሃ ነጥቦች አልቀዋል» የሚል ነው። «ለ4» ርዕሱ «የክፍያ ሁኔታ» ነበር። ጀርባው፦ «ለ15 የውሃ ነጥቦች የመጨረሻ ክፍያ ተፈጽሟል»።

ዓረፍተ ነገሩ አልወጣ ካላችሁ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ስላይዱ ባዶ ነው፤ «እናመሰግናለን»፣ «የሪፖርቱ ይዘት»፣ አርማና ፎቶ ብቻ። ወይ ደግሞ ሁለት ስላይድ አንድ ላይ ታጭቋል። ባዶውን ወደ ጎን አድርጉት፣ የታጨቀውን በእስክሪብቶ ለሁለት ክፈሉት።

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግን ድግግሞሽ የሚታየው እዚህ ብቻ ነው። በርዕስ ስታዩአቸው «የሥራ አፈጻጸም» እና «የክፍያ ሁኔታ» የማይገናኙ ይመስላሉ። ወረቀቱን ስትገለብጡት ነው ሁለቱም ስለ ተጠናቀቁ ጉድጓዶች እያወሩ መሆኑ የሚታወቀው።

4. የተደራረቡትን ለዩ

አሁን ቁራጮቹን በጀርባቸው ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርጓቸው። ተመሳሳይ ነገር የሚሉትን አንድ ላይ ከምሯቸው። ክምሮቹ ሦስት ዓይነት ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ዓይነት ያው ሐሳብ በያው ቁጥር የተደገመበት ነው። ይህ ቀላል ነው፤ በደንብ የተሠራውን አንዱን ያዙ፣ ሌሎቹን ጣሉ። የፕሮጀክቱ ዓላማ በሦስቱም ፋይል ነበር። አንዱ በቂ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ርዕሱ አንድ፣ ሐሳቡ ሌላ የሆነ ነው። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሦስቱም ፋይል ውስጥ አለ። የኢንጂነሩ ስለ ተበላሸ ማሽን ነው፣ የፋይናንሷ ስለ ዘገየ ደረሰኝ፣ የክትትሉ ስለ ውሃ ኮሚቴዎች። ይህ ድግግሞሽ አይደለም። ሦስቱን አንድ ስላይድ ላይ አትከምሯቸው፤ እያንዳንዱን ችግር ወደሚመለከተው ቦታ ላኩት። ማሽኑ ከቁፋሮ ቀጥሎ፣ ደረሰኙ ከክፍያ ቀጥሎ። ሰሚው ችግሩን ከምክንያቱ ጋር አንድ ላይ ሲያየው ነው የሚገባው።

ሦስተኛው ዓይነት ነው አደገኛው፦ ያው ሐሳብ በተለያየ ቁጥር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የእኛ ፕሮጀክት ዕቅድ 24 የውሃ ነጥብ ነበር። «ስንቱ ተጠናቀቀ?» ለሚለው ኢንጂነሩ 21 ይላል። የክትትሉ 17 ይላል። ፋይናንሷ 15 ትላለች። አንድ ቀን ከዓመታት በፊት እንዲህ ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ትልቁን መርጬ ነበር። ስብሰባው መሃል ፋይናንሱ እጁን አውጥቶ «እኔ ጋ ያለው ሌላ ነው» አለ። የቀረው ሃያ ደቂቃ በዚያው አለቀ።

ስለዚህ አትምረጡ። አማካይም አትውሰዱ። «የቅርብ ጊዜው ይሻላል» ብላችሁም አትገምቱ። ደውሉና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «አለቀ ስትል ምን ሲሆን ነው?» እና «እስከ ስንት ቀን ያለውን ነው?»

ኢንጂነሩ «ፓምፑ ተገጥሞ ውሃ ሲወጣ ነዋ!» አለኝ። እስከ መጋቢት 30። ፋይናንሷ «የመጨረሻው ክፍያ ሲወጣ» አለች። እሷም እስከ መጋቢት 30። የክትትሉ ሰውዬ «ለቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ርክክብ ሲደረግ» አለ። «እስከ ስንት?» ስለው «እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ» አለኝ። የትኛው ሩብ ዓመት?

ጉዱ እዚህ ጋ ነበር። እሱ ፋይሉን ያዘጋጀው ለለጋሹ ከሚልከው ሪፖርት ገልብጦ ነው። ለለጋሹ ሩብ ዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ነው። ለእኛ ሦስተኛው ሩብ ዓመት ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 ነው፤ ያም ከጃንዋሪ 9 እስከ ኤፕሪል 8 ማለት ነው። ማርች 31 በእኛ መጋቢት 22 ላይ ይውላል። በመሃል ስምንት ቀን አለ። በእነዚያ ስምንት ቀናት የሁለት ጉድጓዶች ርክክብ ተደርጓል። ስለዚህ የሱ 17 እስከ መጋቢት 30 ሲቆጠር 19 ሆነ።

አሁን ተመልከቱ፣ ቁጥሮቹ አይጣሉም። ይከተላሉ፦

| ምን ሆነ | ስንት | ማን ያውቃል |
|---|---|---|
| በዕቅድ የተያዙ | 24 | ሁሉም |
| ውሃ የሚያወጡ | 21 | የመስክ |
| ለኮሚቴ የተላለፉ | 19 | ክትትል |
| የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመላቸው | 15 | ፋይናንስ |

ሦስት የሚጣሉ ስላይዶች አንድ ጥሩ ስላይድ ሆኑ። «ተጠናቀቀ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከፋይሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ለሦስት ሰው ሦስት ትርጉም ያለው ቃል በአንድ ፕሬዘንቴሽን ውስጥ ቦታ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳታረጋግጡ የባልደረባችሁን ቁጥር አትንኩ። ስልክ ካላነሳ ስላይዱ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉና እለፉ። ቁጥሩን የቀየራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ጥያቄ ሲመጣ መልሱም ከእናንተ ይጠበቃል።

5. አጥንቱን በርዕስ ብቻ ሥሩ

ከክምሮቹ ላይ አንድ አንድ ቁራጭ አንሱና በቅደም ተከተል ደርድሩ። በደረጃ 1 የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይሁን። እያንዳንዱን ስላይድ ስታስቀምጡ «ይህ ባይኖር ውሳኔው ይበላሻል?» በሉ። ካልተበላሸ ወደ ጎን። የእኛ 53 እዚህ ጋ 13 ሆነ።

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈቱ። የመሥሪያ ቤቱን ቴምፕሌት ይዛችሁ አዲስ ፋይል ጀምሩ፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ አትቀጥሉ። በአንዱ ላይ ከቀጠላችሁ የዚያ ሰው ቅደም ተከተል ሳታስቡት ይገዛችኋል፣ ሌሎቹም እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። View ገብታችሁ Outline View ምረጡና 13ቱን ርዕሶች በተራ ጻፉ። ርዕሶቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁኑ። «የበጀት አጠቃቀም» ሳይሆን «ከበጀቱ 62 በመቶውን ከፍለናል»።

ከዚያ ርዕሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። እንደ አጭር ደብዳቤ መነበብ አለባቸው። አንዱ ጋ ከተደናቀፋችሁ ወይ ስላይድ ጎድሏል ወይ ቦታው ተዛብቷል። ይህን አሁን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግራፍና ፎቶ ከገባ በኋላ ግን ያታክታል።

6. ይዘቱን አምጡ

ከምንጩ ፋይል ስላይዱን ኮፒ አድርጉ። ስትለጥፉ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Use Destination Theme የሚለውን ምረጡ። Keep Source Formatting ን አትምረጡ። እሱ ስላይዱን ከነልብሱ፣ ማለትም ከነዲዛይኑ ይዞት ይመጣል። ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት ፋይላችሁ ውስጥ አራት ቴምፕሌት ይኖራል። መኖሩን ለማወቅ View ውስጥ Slide Master ክፈቱ። በግራ በኩል ትልልቁ ስላይድ ከአንድ በላይ ከሆነ ትርፍ ገብቷል ማለት ነው።

የለጠፋችሁት ስላይድ አሁንም የተዘበራረቀ ከሆነ Home ላይ Reset ተጫኑ። ብዙው ይስተካከላል። የማይስተካከል ካለ ጽሑፉ የተጻፈው በቴምፕሌቱ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ባልደረባችሁ ራሱ በሳለው ሳጥን ውስጥ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ Outline View ላይ የዚያ ስላይድ ጽሑፍ አይታይም። ጽሑፉን ቆርጣችሁ ወደ ትክክለኛው ሳጥን አዛውሩት። መጎተትና ማስተካከል ላይ ጊዜ አታጥፉ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ።

*አማርኛው ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ።* ባልደረባችሁ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ጽፏል ማለት ነው። እነዚህ ፎንቶች ከሥር የላቲን ፊደል ናቸው፣ ከላይ ብቻ ግዕዝ መስለው ይታያሉ። ፎንቱ ሲቀየር ገመናቸው ይወጣል። ቀድማችሁ ለመመርመር ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ Notepad ላይ ለጥፉት፤ እዚያ ከተበላሸ የድሮ ነው። ጥቂት መስመር ከሆነ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል። አዲሱን በ Nyala ወይም በ Ebrima ጻፉት። Ebrima በዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ላይ አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስታቀርቡ የመጥፋት ዕድሉ ትንሽ ነው።

*ፎቶ ላይ ያሉ ሰዎች ወፍረው ከታዩ።* አንዱ ፋይል የድሮው 4:3 መጠን፣ ሌላው 16:9 ስለሆነ ፎቶው ተለጥጧል። ዋናውን ፎቶ ከምንጩ ፋይል እንደገና አምጡትና በማዕዘኑ ብቻ ይዛችሁ አሳድጉት ወይም አሳንሱት።

*ግራፍ።* ይህን ጠንቀቅ በሉ። ከኤክሴል የመጣ ግራፍ ብዙ ጊዜ ሙሉውን የኤክሴል ፋይል በሆዱ ይዞ ይመጣል። ፋይናንሷ የላከችው የክፍያ ግራፍ ላይ Edit Data ስል የበጀት ሠንጠረዡ ብቻ አልነበረም የተከፈተው፤ ከጎኑ የሠራተኛ ደሞዝ የሚል ሌላ ገጽ አለ። ያ ፋይል ለሃያ ሰው ሊላክ ነበር! ስለዚህ የሰው ግራፍ እንዳለ አትለጥፉ። የሚያስፈልጓችሁን አራት አምስት ቁጥሮች ይዛችሁ በአዲሱ ፋይል ውስጥ ግራፉን እንደ አዲስ ሥሩት። ቀለሙም ከቴምፕሌቱ ጋር ይሄዳል፣ ምስጢርም አይወጣም። ጊዜ ከሌላችሁ ግራፉን በ Picture መልክ ለጥፉት።

7. ድምፁን አንድ አድርጉ

ብዙ ሰው ቀለምና ፎንት ሲመሳሰል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ሰሚው ሦስት ሰው መጻፉን የሚያውቀው ከቀለሙ ሳይሆን ከግሡ ነው። በደረጃ 4 የተስተካከለውን ቁጥር ይዘን፣ ሦስቱ ሰዎች የጻፉት እንዲህ ነበር፦

የመስክ፦ «21 ጉድጓድ ቆፍረናል!! ማሽኑ ባይበላሽ 24ቱንም እንጨርስ ነበር»

ፋይናንስ፦ «የክፍያ መጠን፦ ብር 18,642,310.75 (62.14%)»

ክትትል፦ «የርክክብ ሥራን በተመለከተ በ19 ሳይቶች ላይ የማስረከብ ተግባር ማከናወን ተችሏል»

አንዱ ይፎክራል፣ አንዷ ቁጥር ብቻ ትጥላለች፣ አንዱ የመንግሥት ደብዳቤ ይጽፋል። እነዚህን አንድ ለማድረግ አራት ነገር ወስኑና ወረቀት ላይ ጻፉ።

የሚናገረው ማነው? በእኛ ጉዳይ «እኛ» ማለት ፕሮጀክቱ ነው። «እኔ»ም፣ «የፋይናንስ ክፍሉ»ም ከፋይሉ ወጡ።

ግሡ በምን ያልቃል? ያደረግነውን «አስረክበናል፣ ከፍለናል» እንላለን። ውሃው፣ ማሽኑ፣ ኮንትራክተሩ ያደረገውን ደግሞ በራሱ ስም፦ «ማሽኑ ቆመ»። «ተችሏል» እና «ተከናውኗል» ቀርተዋል።

ቁጥር እንዴት ይጻፋል? ስላይድ ላይ ሳንቲም አይነበብም። «18.6 ሚሊዮን ብር» በቂ ነው። «በመቶ» ወይም «%» ከሁለት አንዱ፣ በሁሉም ቦታ። ሳንቲሙን የሚፈልግ ካለ የፋይናንስ ሪፖርቱ አለ።

ቀን በየትኛው አቆጣጠር? በኢትዮጵያ። ለጋሹ በሚያየው ስላይድ ላይ ብቻ የፈረንጁን ከጎኑ ጨምሩ።

በእነዚህ ሕጎች ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ ሆኑ፦

«ከ24ቱ የውሃ ነጥቦች 21ዱ ውሃ እያወጡ ነው።»
«19ኙን ለቀበሌ የውሃ ኮሚቴዎች አስረክበናል።»
«ከ30 ሚሊዮን ብር በጀት 18.6 ሚሊዮኑን፣ ማለትም 62 በመቶውን፣ ከፍለናል።»

ሲነበቡ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ያልተነካ ነገርም አለ፤ የማንም መረጃ አልጠፋም።

ከሁሉም በላይ መጥፎ ዜና ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሰው ሁሉ መጥፎ ዜና ሲጽፍ ግሡን ይደብቃል። «በቁፋሮ ሥራው ላይ መጠነኛ መዘግየት ተስተውሏል» የሚል ነበር ዋናው። ማን ዘገየ? ስንት ቀን? ደውዬ ጠየቅኩና «ማሽኑ 40 ቀን ቆመ፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ጠበቅን» ሆነ። ማኔጅመንቱ ውሉን በሁለት ወር ለማራዘም የሚያስፈልገው ይህችን 40 ቀን ማወቅ ነው። በ«መጠነኛ መዘግየት» ማንም ውል አያራዝምም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚያቀርበው ሰው ከእናንተ ሌላ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዳይሬክተሯ ከሆነች፣ ሕጎቹን ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ስላይድ ጽፋችሁ አንብቡላት። ከአፏ ጋር የማይሄድ ቃል ካለ ያን ጊዜ ትነግራችኋለች። መድረክ ላይ ቆማ ከምትደናቀፍ አሁን ብትለው ይሻላል።

8. ቃላቱን አጣሩ

ሦስት ሰው አንድን ነገር በሦስት ስም ይጠራል። «የውሃ ነጥብ»፣ «የውሃ ተቋም»፣ «ሳይት»። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ሰሚው ግን ሦስት ነገር ይመስለዋል። አንዱን ምረጡ፣ ሌሎቹን በ Ctrl+H እየፈለጋችሁ ቀይሩ። ፊደሉንም እንዲሁ፦ «ሥራ» ወይስ «ስራ»፣ «ዓመት» ወይስ «አመት»። የትኛውም ይሁን፣ አንድ ይሁን።

ግን Replace All የሚለውን በአማርኛ ላይ አትጫኑ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ «ስራ»ን በ«ሥራ» ስትቀይሩ «እስራኤል» «እሥራኤል» ይሆናል። ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደል ቃሉ ሲረባ መልኩን ይቀይራል። «አመት» ብላችሁ ብትፈልጉ «አመቱ» እና «አመታዊ» አይገኙም፤ «ት» ሄዶ «ቱ» እና «ታ» መጥቷልና። ስለዚህ «አመ» ብላችሁ ፈልጉ፣ አንድ በአንድ እያያችሁ Replace በሉ። «አመራር» ሲመጣ Find Next ብላችሁ እለፉት።

ይህ ፍለጋ ምስል ውስጥና ግራፍ ውስጥ ያለን ጽሑፍ አያገኝም። እነዚያን በዓይን እዩ።

በዚያው «በተመለከተ»፣ «አንጻር» እና «ተችሏል» የሚሉትን ፈልጓቸው። እነሱ በተገኙበት ሁሉ ያልተስተካከለ ዓረፍተ ነገር አለ። እኔ በአንድ ፋይል ውስጥ 31 «ተችሏል» ቆጥሬ አውቃለሁ።

9. ለባለቤቶቹ መልሱና አረጋግጡ

የተዋሃደውን ፋይል ለሦስቱም ላኩ። «አስተያየት ስጡኝ» አትበሉ፤ ያን ካላችሁ እያንዳንዱ የተጣለበትን ስላይድ ይዞ ይመለሳል። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። ለፋይናንሷ፦ «ስላይድ 8 እና 9 ላይ ያሉት ቁጥሮች ትክክል ናቸው? እስከ 9 ሰዓት መልሺልኝ።» ለኢንጂነሩ የራሱ ስላይዶች፣ ለክትትሉም እንዲሁ። የቃሉን ነገር እናንተ ወስናችኋል፤ የቁጥሩን ነገር ግን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አቅርቡት፣ ብቻችሁንም ቢሆን። ለ13 ስላይድ 20 ደቂቃ ሲባል ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። አንዱ ስላይድ ሦስት ደቂቃ ከወሰደ ሁለት ስላይድ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ፋይሉን በሚቀርብበት ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት። ፎንቱ እንዳይጠፋ ግን አስቀድማችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ከ File ገብታችሁ Options፣ ከዚያ Save፣ እዚያ Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት አድርጉ። ፒዲኤፍ ኮፒም ፍላሽ ላይ ያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ለሦስቱም «እኩል» ስላይድ መስጠት። እኩልነቱ ለባልደረቦቹ ይመቻል፣ ሰሚውን ግን ያሰለቸዋል። በእኛ ፋይል የመስኩ ስድስት፣ የፋይናንሱ አራት፣ የክትትሉ ሦስት ስላይድ ሆነ፤ ውሳኔው የፈለገው ያንን ነበር።
- ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገሩ «አሁን ደግሞ የፋይናንስ ክፍል» የሚል ስላይድ ማስገባት። ስፌቱን ያሳያል። ርዕሶቹ ከተያያዙ አያስፈልግም።
- የማስታወሻውን ቦታ መርሳት። ስላይድ ሲገለበጥ ከሥሩ ያለው Notes አብሮ ይመጣል። አንድ ጊዜ «ይህን ለኃላፊው አትንገሪ» የሚል አግኝቻለሁ። ሁሉንም አንብባችሁ አጽዱ።
- በማታ ሁሉንም በአንድ ቁጭታ መጨረስ። ደረጃ 4 በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ማታ ስልክ የሚያነሳላችሁ የለም።

የወደቁትን 40 ስላይዶች ምን እናድርግ?

አታጥፏቸው። ከመካከላቸው ጥያቄ ሊያስነሱ የሚችሉትን አምስት ወይም ስድስት ምረጡና ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አስቀምጧቸው። በግራ በኩል ይዛችሁ በቀኝ ጠቅ አድርጉና Hide Slide በሉ። ሲቀርብ አይታዩም። ቁጥራቸውን ግን በወረቀት ይዛችሁ ቁሙ። አንዱ ተነስቶ «የማሽኑ ጥገና ስንት ፈጀ?» ካለ፣ እያቀረባችሁ እያላችሁ 16 ጻፉና Enter ተጫኑ፤ የተደበቀው ስላይድ ይከፈታል። ስትጨርሱ የነበራችሁበትን ቁጥር ጻፉና Enter፣ ትመለሳላችሁ። የተደበቁትንም ግን በደረጃ 7 ሕግ ጻፏቸው። ያልተስተካከለው የፋይናንስ ስላይድ ከነሳንቲሙ ብቅ ያለብኝ ልክ በጥያቄ ሰዓት ነው።